በጀቱ በእርግጥ እጥፍ ሆኗል? የ2018ን በጀት በአንድ ገጽ ማንበብ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ2018ን የፌዴራል በጀት ያጸደቀው ሰኔ 26 ቀን 2017 ነው። በማግስቱ ጠዋት የእናቴ ታላቅ እህት ደወሉልኝ። እኛ ቤት እትዬ ነው የምንላቸው። ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ ውስጥ የግንባታ ዕቃ መደብር አላቸው። ፌሮ፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር ይሸጣሉ። ደንበኛ ፊታቸው ቆሞ ስለነበር ሰላምታው አጭር ነበር።

«በጀቱ እጥፍ ሆነ እየተባለ ነው። እውነት ነው ልጄ?»

«በቁጥሩ አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያውስ የመንግሥት ሥራ ሊመጣ ነው። ከባንክ ተበድሬ ፌሮ ላስገባ አስቤያለሁ።»

እስከ ማታ እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው። «አንድ ገጽ ጽፌ አመጣለሁ፤ እሱን አይተው ይወስኑ» አልኳቸው። ብዙ ዓመት የሠራሁት በጀት ክፍል ነው። ለአለቆች እንዲህ ያለ ገጽ ስናዘጋጅ ኖረናል። የእትዬን ግን ከሁሉም በላይ ተጠንቅቄ ነው የሠራሁት። አለቃን ገጹ ቢያሳስተው ስብሰባ ላይ ይታረማል። እሳቸው ቢሳሳቱ የሚከፍሉት ከኪሳቸው ነው።

ገጹ እንዴት እንደተሠራ እዚህ እተርካለሁ። ምክንያቱም «እጥፍ ሆነ» የሚለውን ወሬ የሰሙት እትዬ ብቻ አይደሉም።

መጀመሪያ ጥያቄው

ሥራ የበዛበት ሰው ማጠቃለያ የሚያነበው ቆሞ ነው። አንድ ዓይኑ ደንበኛ ላይ ወይም ስልኩ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥር ከመሰብሰቤ በፊት ይህ ሰው ገጹን አንብቦ ምን ሊወስን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። የእትዬ ውሳኔ ግልጽ ነው፤ መበደር ወይም አለመበደር። ይህን ካወቅሁ በኋላ ከበጀት ሰነዱ የሚያስፈልገኝ ጥቂት መስመር ብቻ ይሆናል።

የበጀት አዋጁ ወፍራም ነው። እያንዳንዱ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የራሱ መስመር አለው። እያንዳንዱ ፕሮጀክት ደግሞ ገንዘቡ ከመንግሥት ግምጃ ቤት፣ ከዕርዳታ ወይም ከብድር እንደሚመጣ ተለይቶ ይጻፋል። ይህ ሁሉ ሲጨመቅ ግን አራት ትልልቅ ቋቶች ይቀራሉ። መደበኛ ወጪ ደመወዝን፣ ሥራ ማስኬጃንና የዕዳ ክፍያን ይይዛል። ካፒታል ወጪ መንገድ፣ ግድብ፣ ሕንፃና የመሳሰለውን ነው። ሦስተኛው ፌዴራል መንግሥቱ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ ነው። አራተኛው ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ለክልሎች የሚሄድ ትንሽ ገንዘብ ነው።

እትዬን የሚመለከቱት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። የመጀመሪያው ግን መቅረት የለበትም። ድምሩን ያሳበጠው እሱ ነው።

ሠንጠረዡ መደመር አለበት

የሠንጠረዥ የመጀመሪያ ፈተና ቀላል ነው። መስመሮቹ ተደምረው ድምሩን ይሰጣሉ? የ2017 በጀት ያለ ችግር ይሰጣል። 451.3፣ 283.2፣ 222.7 እና 14 ቢሊዮን ብር ሲደመሩ 971.2 ቢሊዮን ይሆናሉ።

የ2018 ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አጠቃላዩ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው ተብሏል። ካፒታሉ 415 ቢሊዮን፣ የክልሎች ድጎማ 315 ቢሊዮን፣ የልማት ግቦቹ 14 ቢሊዮን። መደበኛ ወጪው ሲነገር ግን «1.2 ትሪሊዮን» ነው የሚባለው። እነዚህን ብትደምሩ 1,944 ቢሊዮን ይመጣል። ከተባለው ድምር በ14 ቢሊዮን ይበልጣል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልዩነቱ ልክ 14 ቢሊዮን ስለሆነ፣ «የልማት ግቦቹ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ መሆን አለበት» ብሎ ያንን መስመር ይሰርዘዋል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። 1.2 ትሪሊዮን ለንግግር እንዲመች ወደ ላይ የተጠጋ ቁጥር ነው። ድምሩ በሁለት አሃዝ ተቆርጦ፣ አንዱ መስመር በአንድ አሃዝ ብቻ ሲቆረጥ እንዲህ ያለ ክፍተት ይፈጠራል። በትሪሊዮን ሲወራ ደግሞ «ትንሽ ማጠጋጋት» ማለት ብዙ ቢሊዮን ብር ነው። ስለዚህ መደበኛ ወጪውን ከድምሩ ሌሎቹን በመቀነስ አገኘሁት፤ ወደ 1,186 ቢሊዮን ነው። እሱን በሠንጠረዡ ውስጥ አስገባሁ።

እንዲህ ሆነ (በቢሊዮን ብር)፦

| መስመር | 2017 | ድርሻ | 2018 | ድርሻ | ለውጥ |
|---|---|---|---|---|---|
| መደበኛ ወጪ | 451.3 | 46.5% | 1,186 | 61.5% | +163% |
| ካፒታል ወጪ | 283.2 | 29.2% | 415 | 21.5% | +47% |
| የክልሎች ድጎማ | 222.7 | 22.9% | 315 | 16.3% | +41% |
| ለዘላቂ ልማት ግቦች | 14.0 | 1.4% | 14 | 0.7% | 0 |
| ድምር | 971.2 | 100% | 1,930 | 100% | +99% |
| የበጀት ጉድለት (ከላይ አይደመርም) | 358.5 | – | 417 | – | +16% |

የመጨረሻዋን መስመር ከድምሩ በታች ያደረግኋት ሆን ብዬ ነው። ጉድለት ወጪ አይደለም። ከወጪው ውስጥ በገቢና በዕርዳታ ያልተሸፈነው፣ በብድር የሚሞላው ክፍል ነው። ከወጪዎቹ ጋር ተደባልቆ የተደመረበት ሠንጠረዥ አጋጥሞኛል። አንባቢው ያኔ አንዱን ብር ሁለት ጊዜ ይቆጥራል።

ስድስት መስመር ብቻ ነው። ሰባተኛ ልጨምር አምስት ምክንያት ነበረኝ። እትዬ ግን ሰባተኛውን አያነቡትም፤ የመጀመሪያዎቹንም በጥድፊያ እንዲያዩ አደርጋቸዋለሁ። ስለዚህ ተውኩት።

ከምን ጋር ነው የምናወዳድረው?

አሁን ወደ «እጥፍ» እንመለስ። 971.2 ወደ 1,930 ሲሄድ 99 በመቶ ጭማሪ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። ችግሩ ያለው 971.2 የሚለው መነሻ ላይ ነው።

የ2017 በጀት በጸደቀ በሳምንታት ውስጥ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ያን ጊዜ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የውጭ ዕዳ የሚከፈለው በዶላር ነው። ነዳጅም ማዳበሪያም የሚገዛው በዶላር ነው። በብር የተጻፈው በጀት በአንድ ጊዜ ጠበበ። ለዚህም ነው ምክር ቤቱ ኅዳር 2017 ላይ ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ያጸደቀው።

ስለዚህ በ2017 ሥራ ላይ እንዲውል የተፈቀደው ገንዘብ በመጨረሻ 1,553 ቢሊዮን ደርሷል። 1,930ን ከዚህ ጋር ብታወዳድሩት ጭማሪው 24 በመቶ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት የነበረው የዋጋ ንረት 14 በመቶ ገደማ ነበር። እሱ ሲነሳ የሚተርፈው እውነተኛ ዕድገት 9 በመቶ ግድም ነው።

አንድ በጀት ነው፤ 99ም፣ 24ም፣ 9ም ይባልለታል። ሦስቱም ስሌቶች ልክ ናቸው። የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። 99 የሚመልሰው «በሰኔ 2016 ከጸደቀው በስንት በለጠ?» የሚለውን ነው። 24 «አምና እንዲወጣ ከተፈቀደው በስንት በለጠ?» ለሚለው ነው። 9 ደግሞ «መንግሥት ምን ያህል ተጨማሪ ነገር መግዛት ይችላል?» ለሚለው ይቀርባል። እትዬ የሚፈልጉት የመጨረሻውን ነው። የሚሸጡት ፌሮ እንጂ ብር አይደለም።

በሠንጠረዡ ውስጥ ግን ያስቀመጥኩት የመጀመሪያውን ንጽጽር ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አራቱን ቋቶች በየመስመሩ ላወዳድር ከፈለግሁ ሁለቱም ዓመቶች በአንድ ደረጃ ላይ መሆን አለባቸው። የጸደቀ ከጸደቀ ጋር፣ የተከለሰ ከተከለሰ ጋር፣ የወጣ ከወጣ ጋር። የአምናውን ተጨማሪ በጀት በድምሩ ላይ ብቻ ጭኜ መስመሮቹን እንዳሉ ብተዋቸው ድርሻዎቹ ሁሉ ይዛባሉ። ስለዚህ ተጨማሪውን በጀት ከሠንጠረዡ ውጭ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩት። «እጥፍ» የሚለውን ቃል ከገጹ ላይ አወጣሁት።

መጠኑ ጨመረ፣ ድርሻው ቀነሰ

እዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ባሕር ዳር ላለ ሰው ከሁሉም በላይ የሚመለከተው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የክልሎች ድጎማ ከ222.7 ወደ 315 ቢሊዮን አድጓል። 41 በመቶ ነው። የዋጋ ንረቱን ብናነሳለት እንኳ 24 በመቶ ገደማ ይቀራል። ቀላል ጭማሪ አይደለም። ይህን ብቻ ያየ «ለክልሎች ብዙ ተሰጠ» ይላል። ልክ ነው።

ድርሻውን ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። በ2017 በጀት ከእያንዳንዱ 100 ብር ለክልሎች የተያዘው 23 ብር ገደማ ነበር። በ2018 ወደ 16 ብር ወርዷል። ይህን ብቻ ያየ «ክልሎች ተገፉ» ይላል። ከቁጥሩ የወጣ አባባል ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

ገንዘቡ እያደገ ድርሻው እንዴት ያንሳል? ኬኩ ላይ የበለጠ ያደገ ሌላ ቁራጭ ስላለ ነው። ያ ቁራጭ መደበኛ ወጪው ነው። 163 በመቶ አድጓል። በውስጡ ትልቁ የዕዳ ክፍያ ነው፤ ለ2018 ከ460 ቢሊዮን ብር በላይ ተይዞለታል። ይህን ከካፒታሉ ጋር አስተያዩት። ካፒታሉ 415 ቢሊዮን ነው። አገሪቱ ዕዳ ለመክፈል የያዘችው ገንዘብ አዲስ ነገር ለመገንባት ከያዘችው ይበልጣል። ከዚያ ላይ የመንግሥት ሠራተኛው የደመወዝ ማሻሻያ አለ።

ስለዚህ ለእትዬ ሁለቱንም ለማስተላለፍ ወሰንኩ፦ «ለክልሎች የሚመጣው ብር ጨምሯል፤ ከጠቅላላው ያለው ድርሻ ግን ከ23 ወደ 16 በመቶ ወርዷል። ልዩነቱን የወሰደው ዕዳና ደመወዝ የሚከፈልበት መደበኛ ወጪ ነው።» ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ካልጻፍናቸው አንባቢው አንዱን ይዞ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚሄደው ቀድሞ ያመነበትን ነው።

የ14 ቢሊዮኗ መስመርም አንድ ነገር ትናገራለች። ይህ ገንዘብ በ2015፣ በ2016፣ በ2017 እና በ2018 ያው 14 ቢሊዮን ነው። በሠንጠረዡ ላይ «ለውጥ የለም» ትላለች። ግን በአራት ዓመት ውስጥ ዋጋው የት እንደደረሰ ሲሚንቶ የሚሸጥ ሰው ያውቀዋል። በጀት ውስጥ ያልተነካ ቁጥር ማለት በተግባር የተቀነሰ ቁጥር ነው። ይህ ገንዘብ ወደ ክልሎች ወርዶ የሚሠራበት ስለሆነ ያሳስበኛል። ገጹ ላይ ግን ቦታ አልሰጠሁትም። የእትዬን ውሳኔ አይለውጥም።

ብሩን ወደ ፌሮ መቀየር

የ14 በመቶው የዋጋ ንረት የአገሪቱ አማካይ ነው። ከውስጡ ትልቁን ቦታ የሚይዘው ምግብ ነው። ጤፍና ሽንኩርት የሚለካበት ቁጥር ግንባታ ላይ ሲውል ያሳስታል።

የካፒታል በጀቱን እንውሰድ። በአማካዩ የዋጋ ንረት ብናስተካክለው 415 ቢሊዮን በአምና ዋጋ 364 ቢሊዮን ገደማ ይሆናል። ከ283.2 ጋር ሲነጻጸር ደህና ዕድገት ነው። ግን ፌሮ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ከውጭ ነው የሚመጣው። ማሽኑም፣ የከባድ መኪናው ጎማም እንዲሁ። የፌሮ ዋጋ ለምሳሌ በ50 በመቶ ከጨመረ ያው 415 ቢሊዮን በአምና ዋጋ 277 ቢሊዮን ብቻ ነው። ከአምናው 283 ያንሳል ማለት ነው። ብሩ በ47 በመቶ አድጎ፣ የሚገዛው ፌሮ ግን ቀነሰ።

እዚህ ጋ ትክክለኛውን የዋጋ ለውጥ የሚያውቁት እኔ ሳልሆን እትዬ ናቸው። ስለዚህ ገጹ ላይ ባዶ ቦታ ተውኩ። «የአምና ሰኔ ዋጋ ___ የዘንድሮ ሰኔ ዋጋ ___» ብዬ መስመር ሰመርኩ። የዘንድሮውን ለአምናው ያካፍላሉ፤ ከዚያ 415ን በተገኘው ቁጥር ያካፍላሉ። መልሱ ከ283 በላይ ከሆነ በፌሮ ሲለካ ዕድገት አለ። በታች ከሆነ የለም።

አንዳንድ ሰው በጀቱን በአጠቃላይ ወደ ዶላር ቀይሮ ያወዳድራል። 971.2 ቢሊዮንን ለ57 ብታካፍሉ 17 ቢሊዮን ዶላር ይመጣል። 1,930ን በሰኔ 2017 ወደነበረው የ135 ብር አካባቢ ተመን ብታካፍሉ ከ14 ቢሊዮን ዶላር ትንሽ ይበልጣል። «በጀቱ ቀነሰ» ያሰኛል። እኔ ይህን ለጠቅላላው በጀት አልጠቀምበትም። የመምህር ደመወዝ የሚከፈለው በብር ነው፤ የቀን ሠራተኛም እንዲሁ። የዶላር ስሌት ትርጉም የሚሰጠው ከውጭ ለሚገዛው ነገር ብቻ ነው።

ገጹ የማያውቀው

ጥሩ ማጠቃለያ የማይመልሰውን ጥያቄ ራሱ መናገር አለበት። የዚህኛው ድንበሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ 415 ቢሊዮኑ የመላው አገሪቱ ነው። ከሱ ምን ያህሉ ጣና ዳር እንደሚወርድ ከሠንጠረዡ አይታይም። በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አስቡት። 380 ሜትር ርዝመት አለው። የፌዴራል ፕሮጀክት ስለሆነ በክልሉ ድጎማ ውስጥ አልተቆጠረም። ባሕር ዳር ላይ የፈሰሰው ሲሚንቶ ግን የከተማዋ ሰው ዓይን እያየው ነው። ስለዚህ «ለክልላችን የመጣው ድጎማው ብቻ ነው» ማለት ትክክል አይሆንም። የትኛው ፕሮጀክት የት እንዳለ ለማወቅ የአዋጁን የካፒታል ክፍል በየመሥሪያ ቤቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የተፈቀደ ገንዘብ የተለቀቀ ገንዘብ አይደለም። በተለይ ምንጩ «ብድር» ወይም «ዕርዳታ» የተባለ ፕሮጀክት አበዳሪው እስኪለቅለት ይጠብቃል። በሥራ ዘመኔ ያየሁት ብዙ የቆመ ሥራ በወረቀት ላይ ሙሉ በጀት ነበረው። ምልክቱ የሚታየው በአፈጻጸም ሪፖርት ነው። ስድስት ወር አልፎ ካፒታሉ ከሲሶ በታች ከወጣ፣ የቀረው በሁለተኛው ግማሽ ሁሉ ይወጣል ብሎ ማመን ይከብዳል። ወይም ሰኔ ላይ በጥድፊያ ይገፋል።

ሦስተኛ፣ ጊዜው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሐምሌ ግን ክረምት ነው። እዚህ ጣና ዙሪያ በሐምሌና በነሐሴ መሠረት ቆፍሮ የሚሠራ ብዙ የለም። ጨረታው ወጥቶ፣ ውል ተፈርሞ፣ ሥራው እስኪጀመር ጥቅምት ይሆናል። በሰኔ መጨረሻ ተበድሮ ፌሮ ያስገባ ነጋዴ ቢያንስ ሦስት ወር ወለድ እየከፈለ መጋዘን ይጠብቃል። ለእትዬ ከሁሉም ቁጥሮች ይልቅ ይህ የሚጠቅማቸው መሰለኝ። ስለዚህ ወደ ላይ አወጣሁት።

ማታ የወሰድኩላቸው ንባብ

ከሠንጠረዡ በላይ ያስቀመጥኩት ይህ ነው፦

«እትዬ፣ በጀቱ በጽሑፍ አምና ሰኔ ከጸደቀው በ99 በመቶ ይበልጣል። ነገር ግን አምና መሀል ላይ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨምሮ ስለነበር ከዚያ አንጻር ጭማሪው 24 በመቶ ነው። ከጭማሪው ብዙው የሄደው ወደ መደበኛ ወጪ ነው። ሥራ የሚሠራበት ካፒታል በ47፣ የክልሎች ድጎማ በ41 በመቶ አድገዋል። ሁለቱም ከጠቅላላው ያላቸው ድርሻ ግን ቀንሷል። በፌሮ ሲለካ ካፒታሉ ማደጉን ወይም አለማደጉን ከታች በራስዎ ዋጋ ያስሉት። ሥራው ቢመጣ ከጥቅምት በፊት አይመጣም። ለኛ ክልል ስንት እንደደረሰና ወደ ዞንና ወረዳ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚታወቀው የክልሉ ምክር ቤት የራሱን በጀት ሲያጸድቅ ነው።»

ከዚያ ሠንጠረዡ። ከሱ በታች ባዶዎቹ ሁለት ቦታዎች። ሌላ ምንም የለም።

መደብሩ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ዝናብ ጥሎ አባርቶ ነበር። የዘንባባዎቹ ቅጠል ገና ያንጠባጥባል። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት። ንባቡን አንድ ጊዜ፣ ሠንጠረዡን ሁለት ጊዜ።

«ይህቺ 61 በመቶ የምትለዋ ዕዳውም ያለበት ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኔም እንደዚሁ ነው የሆንኩት። መደብሩ አምና ብዙ ሸጠ ይላሉ። የሸጥኩት ለባንክ ነው።»

ከመሳቢያቸው የአምናውን ደብተር አወጡ። የሰኔን ገጽ ፈልገው የባለ 12ን ፌሮ ዋጋ አገኙ። በመጀመሪያው ባዶ ቦታ ላይ ጻፉት። የዘንድሮውን ደብተር ማየት አላስፈለጋቸውም። ካልኩሌተሩን ሳብ አድርገው አካፈሉ፤ ከዚያ 415ን አካፈሉ። ውጤቱን አይተው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«የክልሉ መቼ ነው የሚወጣው?»

«ሐምሌ ውስጥ ይሆናል።»

«እንግዲያው አሁን ባለኝ ብር ትንሽ አስገባለሁ። ብድሩን የክልሉን ሳይ እነግርሃለሁ። ያኔም እንዲህ ያለ ገጽ ጻፍልኝ። ይቺን የጉድለት የምትለዋን ግን አውጣት፤ ለኔ ምንም አልጠቀመችኝም።»

ለክልሉ በጀት በሠራሁት ገጽ ላይ አወጣኋት።